በአዋቂ ዕድሜ የመጀመሪያ ፓስፖርት ማውጣት፦ ከቅጹ በፊት ወረቀቶቹ ይስማሙ

ለሕፃን ፓስፖርት ማውጣት ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። የልደት ምስክር ወረቀቱ አዲስ ነው፣ ወላጆቹ አጠገቡ አሉ፣ ስሙም ገና ብዙ ቦታ አልተጻፈም። የሚያሳድስ ሰውም ቀላል ነው፤ አሮጌው ፓስፖርት ራሱ ይመሰክርለታል። የሚጉላላው መሃል ላይ ያለው ነው፦ በሃያ ምናምን ወይም በአርባ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያመለክት ሰው። ይህ ሰው ስሙ በትምህርት ቤት፣ በባንክ፣ በመታወቂያ፣ በመሥሪያ ቤት፣ ምናልባትም በጋብቻ ወረቀት ላይ ተጽፏል። እያንዳንዱን የጻፈው ሌላ እጅ ነው። አሁን ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ።

የክፍያው መጠን፣ የቀጠሮ አያያዙና የቅጹ መልክ ከአገር አገር ይለያያል። እነሱን ከሚያመለክቱበት መሥሪያ ቤት ይፋዊ ገጽ ላይ ያንብቡ። እዚህ የምናየው የትም ቢሆን የማይለወጠውን ነው፦ ወረቀትዎን የሚመረምረው ሰው ምን እየፈለገ እንደሆነ፣ እና ፋይልዎን ምን እንደሚያስቆመው።

መርማሪው የሚፈልገው ምንድን ነው?

መርማሪው ወረቀት የሚቆጥር ይመስላል። ነገር ግን በልቡ የያዘው ጥያቄ ነው። የዚህ አገር ዜጋ ነህ ወይ? ይህ ስምና ይህ የልደት ቀን ያለው ሰው በእርግጥ ተወልዷል ወይ? ያ ሰው ፊቴ የቆምከው አንተ ነህ ወይ? ፓስፖርት እንዳይሰጥህ የሚከለክል ነገር፣ ለምሳሌ የፍርድ ቤት እግድ፣ አለ ወይ?

እያንዳንዱ ወረቀት ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ነው የሚመልሰው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት አንድ ሰው መወለዱን ያሳያል፤ ፎቶ ስለሌለበት ግን የእርስዎ መሆኑን አያሳይም። የሥራ መታወቂያ ፊትዎን ያሳያል፤ ስለ ዜግነትዎ ግን ምንም አይልም። መንጃ ፈቃድም እንዲሁ፤ በብዙ አገር የውጭ ዜጋም ያወጣዋል። ስለዚህ አምስት ፎቶ ያለባቸው መታወቂያዎች ይዞ የሄደ ሰው፣ ዜግነቱን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ከጎደለው ባዶ እጁን እንደሄደ ነው የሚቆጠረው።

በአንዳንድ አገር ደግሞ እዚያው መወለድ ብቻውን ለዜግነት አይበቃም። ብሪታንያን ብንወስድ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወዲህ እዚያ የተወለደ ሰው በአብዛኛው የእናቱን ወይም የአባቱን የዜግነት ወይም የመኖሪያ ሁኔታ የሚያሳይ ማስረጃ ጨምሮ ይጠየቃል። ከዚያ በፊት ለተወለደው ግን ብዙ ጊዜ የራሱ የልደት ወረቀት ይበቃዋል። እርስዎም ዜግነትዎ ከወላጅ የሚመጣ ከሆነ የወላጅዎ ወረቀት የእርስዎ ማመልከቻ አካል ነው። ወላጅ በሕይወት ከሌለ ወይም ከተራራቃችሁ ይህን ማፈላለግ ጊዜ ይበላል። ከዚህ ይጀምሩ።

አንደኛ፦ ሁሉንም ወረቀት አንድ ላይ አውጥተው ያመሳክሩ

ቅጹን ገና አይንኩት። በእጅዎ ያለውን ይፋዊ ወረቀት ሁሉ ያውጡ፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የጋብቻ ወይም የፍቺ ወረቀት፣ የባንክ ደብተር። አንድ ባዶ ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ ያስምሩ። በግራ በኩል የሰነዶቹን ስም ከተሰጡበት ዓመት ጋር፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይደርድሩ። ከላይ ደግሞ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የአባት ስም፣ የእናት ስም ብለው ይክፈሉት።

ከዚያ በየሰነዱ ላይ ያለውን እንዳለ ይገልብጡ። ስህተት ነው ብለው እያረሙ አይጻፉ። አንድ ፊደል ተደግሞ ከሆነ ተደግሞ ይጻፍ። የአያት ስም ከጎደለ ክፍት ይተዉት። የትውልድ ቦታው አንዱ ላይ ወረዳ፣ ሌላው ላይ ከተማ ከሆነ ሁለቱንም እንዳሉ ያስፍሩ። ይህ ሥራ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። መርማሪው በኋላ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ እርስዎ ቀድመውት ያዩታል ማለት ነው።

የሰንጠረዡ ዓላማ ሁሉንም ነገር ፍጹም አንድ ማድረግ አይደለም። ልዩነቱን ማወቅና እያንዳንዱ ልዩነት ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ነው። ሦስት ዓይነት ልዩነት አለ፦ በወረቀት የሚብራራ (ለምሳሌ በጋብቻ የተለወጠ ስም)፣ በማረም የሚስተካከል (ለምሳሌ የጸሐፊ ስህተት)፣ እና ግድ የማይሰጥ። ሦስተኛው ቁጥሩ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው።

ሁለተኛ፦ የስም አጻጻፍ በላቲን ፊደል

ፓስፖርት ላይ ስም በአገሩ ፊደል ሊጻፍ ይችላል፤ በላቲን ፊደል ግን ግድ መጻፍ አለበት። ይህ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ነው። ዶክ 9303 የሚባለው ሰነዱ የፓስፖርት የመረጃ ገጽ ግርጌ ላይ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት መስመሮች እንዲኖሩ ያዝዛል። ድርጅቱ ለናሙና የሚጠቀምበት፣ በሌለ አገርና በሌለች ሴት ስም የተሠራው ምሳሌ ይህን ይመስላል፦

```
P<UTOERIKSSON<<ANNA<MARIA<<<<<<<<<<<<<<<<<<<
L898902C36UTO7408122F1204159ZE184226B<<<<<10
```

እያንዳንዱ መስመር 44 ቦታ አለው። በመጀመሪያው መስመር ለስም የሚቀረው 39 ነው። ከዚያ የረዘመ ስም ይቆረጣል። በስም መሃል ያለች ጭረት ወደ `<` ትለወጣለች፣ ከላይ የምትንጠለጠል ነጠላ ምልክት ደግሞ ጭራሽ ትጠፋለች። አውሮፕላን ጣቢያ ያለው ማሽን የሚያነበው ይህን መስመር ነው። እንግዲህ ስምዎ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍ የሚወስኑበት ጊዜ አሁን ነው። አንዴ ከታተመ በኋላ ቪዛው፣ ቲኬቱ፣ የውጭ አገር ባንኩ ሁሉ ይከተለዋል።

ፊደላቸው ላቲን ያልሆነ ሕዝቦች ሁሉ እዚህ ላይ አንድ ዓይነት ችግር አለባቸው። ዓረብኛውም ግሪክኛውም ሩሲያኛውም አማርኛውም። ዮሐንስ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ `Yohannes`፣ ሌላው `Yohanis`፣ ሦስተኛው `Johannes` ብሎ ይጽፈዋል። በእኛ ጆሮ አንድ ስም ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው።

የትኛውን ልምረጥ ካሉ፣ አንዳንድ አገር ፊደሉ ወደ ላቲን የሚቀየርበት የራሱ ሰንጠረዥ ስላለው ምርጫው የእርስዎ ላይሆን ይችላል። ምርጫው የእርስዎ ከሆነ ግን የሚያምረውን አይምረጡ። ለማስተካከል በጣም የሚከብደው ወረቀትዎ ላይ ያለውን ይምረጡ። ይህ ብዙውን ጊዜ ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ ነው። መታወቂያ በጥቂት ቀናት ይታረማል፤ ከዐሥር ዓመት በፊት የተሰጠ ዲግሪ ግን እንዲታረም መጠየቅ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ሦስተኛ፦ የልደት ቀን

ፓስፖርት ላይ የሚሰፍረው የልደት ቀን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። ሌላ ካሌንደር በሚጠቀም አገር የተወለደ ሰው ቀኑ አንድ ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው። ስህተት የሚገባው በዚያች ቅጽበት ነው።

የኢትዮጵያን አቆጣጠር ብንወስድ ጥር 5 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳዊው ጃንዋሪ 13 ቀን 1990 ነው የተወለደው። ልዩነቱ ስምንት ዓመት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የተወለደ ቢሆን ግን ልዩነቱ ሰባት ዓመት ብቻ ይሆን ነበር። ይህን ሳያስተውል በደፈናው ሰባት ዓመት የደመረ ጸሐፊ 1989 ይጽፋል። ሌላው ደግሞ ዓመቱን በትክክል ቀይሮ፣ ጥርን ጃንዋሪ ብሎ፣ ቀኑን ሳይነካ ይተዋል፤ ወረቀቱ 5/1/1990 ይላል። ሦስተኛው የወሩን ቁጥር እንዳለ ወስዶ አምስተኛው ወር ብሎ ሜይ ያደርገዋል፣ ጥር አምስተኛው ወር ነውና። ከአንዲት ትክክለኛ ቀን ሦስት የተሳሳቱ ቀኖች ወጡ። ስለዚህ ሰንጠረዥዎ ላይ ቀኖቹ ሲለያዩ ሰነዱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መጀመሪያ ያጣሩ። ልዩነት የመሰለው ልዩነት ላይሆን ይችላል።

ሌላም በብዙ አገር የሚያጋጥም ነገር አለ። የተወለደበት ዓመት ብቻ የሚታወቅ ሰው መታወቂያ ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ይሞላለታል። በኋላ ትክክለኛው ቀን ያለበት የልደት ወረቀት ሲገኝ ሁለቱ ይጋጫሉ። የመታወቂያዎ ቀን ጃንዋሪ 1 ከሆነና እርስዎ በእርግጥ ያን ቀን ካልተወለዱ ሊጠየቁ እንደሚችሉ ይወቁ።

አራተኛ፦ ልደቱ ዘግይቶ የተመዘገበ ከሆነ

ለአዋቂ አመልካች ከሁሉ የከበደው ነጥብ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ሁለት ቀኖች አሉ፦ የተወለዱበት እና የተመዘገቡበት። ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። መርማሪው ቀድሞ የሚያየው ሁለተኛውን ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በወሩ የተመዘገበ ልደት የተመዘገበው ማንም ፓስፖርት ሳያስብ ነው። በ25 ዓመቱ፣ ፓስፖርት ከመጠየቁ ከሁለት ወር በፊት የተመዘገበ ልደት ግን የተመዘገበው ለፓስፖርቱ ብሎ ነው። ይህ ወንጀል አይደለም። በዓለም ላይ ልደታቸው በጊዜው ያልተመዘገበ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሆኖም ወረቀቱ ብቻውን የሚሰጠው ክብደት ይቀንሳል። አሜሪካ ለምሳሌ ከልደት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ የተመዘገበውን እንደ ዋና ማስረጃ ትቀበላለች። ከዚያ የዘገየ ከሆነ ድጋፍ የሚሆኑ የልጅነት ማስረጃዎችን ትጠይቃለች።

እነዚህ የልጅነት ማስረጃዎች ምንድን ናቸው? እርስዎ ትንሽ ሳሉ፣ በወቅቱ የተጻፉ ነገሮች። የሆስፒታል የወሊድ ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የጥምቀት ወይም ሌላ የሃይማኖት መዝገብ፣ የአንደኛ ክፍል ምዝገባ፣ እርስዎ በልጅነት የተዘረዘሩበት የቤተሰብ ቅጽ። ትልቁ ነገር የተጻፉበት ዓመት ነው። ስምዎን፣ የልደት ቀንዎን ወይም ዕድሜዎን፣ ከተቻለም የወላጆችዎን ስም መያዝ አለባቸው። የጠወለገና ጫፉ የተበላ የክትባት ካርድ ትናንት ማኅተም ከተመታበት የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣል።

የድሮ ወረቀት ፈጽሞ ከሌለ በብዙ ቦታ የሚቀረው የምስክር ቃል ነው። ሲወለዱ የነበረ ወይም ከልጅነት የሚያውቅዎ ሽማግሌ፣ ራሱ መታወቂያ ይዞ፣ በቃለ መሐላ ይመሰክራል። እዚህ ላይ ፋይል የሚያበላሸው የምስክሮች መብዛት አይደለም፤ ሁለት ምስክሮች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነገር መጻፋቸው ነው። ምስክሩ እንዴት እንደሚያውቅ በራሱ አነጋገር ይናገር።

አምስተኛ፦ ስም የተለወጠ ከሆነ ሰንሰለቱን ይሙሉ

ደንቡ ቀላል ነው። ከልደት ስም እስከ ዛሬው ስም ድረስ ለእያንዳንዱ ለውጥ አንድ ወረቀት። በትዳር የባሏን ስም የወሰደች ሴት የጋብቻ ወረቀት ያስፈልጋታል። ተፋትታ ወደ ቀድሞ ስሟ ከተመለሰች የፍቺ ውሳኔው ይጨመራል። እንደገና አግብታ ስም ከለወጠች ሁለተኛው የጋብቻ ወረቀትም። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ብቻ ይዞ ይመጣል፣ መሃሉን «ያለፈ ነገር ነው» ብሎ ይተወዋል። መርማሪው ግን ከመጀመሪያው ስም ወደ ሦስተኛው መዝለል አይችልም።

አንድ ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

እስካሁን ያልነውን በአንድ ሰው ላይ እንየው። ምሳሌ ነው። ሰውየው ፓስፖርት ኖሮት አያውቅም። ሰንጠረዡን ሲሠራ የሚከተለውን ያገኛል። የልደት ምስክር ወረቀቱ ማርች 12 ቀን 1990 ተወለደ ይላል፤ የተመዘገበው ግን በ2008 ነው። ስሙ ላቲን ባልሆነ ፊደል ብቻ ተጽፏል። በ2013 የተሰጠው ዲግሪ ላይ የአባቱ ስም `Yohannes` ነው፤ የልደት ቀን የለውም። መታወቂያው ደግሞ `Yohanis` ይላል፣ የልደት ቀኑም ጃንዋሪ 1 ቀን 1991 ነው።

ሦስት ነገር ተበላሽቷል። በዚህ ሁኔታ ቢያመለክት ምን ይሆናል? ቅጹ ላይ የልደት ወረቀቱን ቀን ከጻፈ መታወቂያው ይቃወመዋል። የመታወቂያውን ከጻፈ የልደት ወረቀቱ ይቃወመዋል። ፋይሉ «ለማጣራት» ተብሎ ጎን ይቀመጣል።

ሰውየው መጀመሪያ የሚያደርገው ከሁለቱ ቀኖች የትኛው እውነት እንደሆነ በሦስተኛ ማስረጃ ማረጋገጥ ነው። እናቱ ዘንድ የክትባት ካርድ ያገኛል፤ የልደት ቀን ማርች 12 ቀን 1990 ይላል፣ የመጀመሪያው ክትባት የተሰጠውም በዚያው ዓመት ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ከመዝገቡ ላይ በ1997 የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ መግባቱን ጽፎ ይሰጠዋል። አሁን ነገሩ ለየ። ሦስቱ አንድ ላይ ቆመው መታወቂያው ብቻውን ቀረ። እግረ መንገዱንም የዘገየው ምዝገባ ድጋፍ አገኘ፤ እነዚያው ሁለት ወረቀቶች ሁለቱንም ሥራ ሠሩለት።

ቀጥሎ መታወቂያውን ያሳርማል። የፊደሉን ስህተትና የቀኑን ስህተት በአንድ ማመልከቻ ይጠይቃል፤ በሁለት ዙር ማድረግ መዝገቡ ላይ ሁለት ለውጥ ማስቀመጥ ነው። ዲግሪው ላይ ያለውን `Yohannes` ይመርጣል። የእርማቱን ደብዳቤ ኦርጅናል ይይዛል፣ አሮጌውን መታወቂያ ከመመለሱ በፊትም ኮፒ ያነሳል። አዲሱ መታወቂያ እጁ ሲገባ ብቻ የፓስፖርት ቀጠሮ ይይዛል። ብዙ ሰው እርማቱ እየተካሄደ ቀጠሮውን ይይዝና ሁለቱ ይጣረሱበታል።

ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት የተጠቀሙበት ሌላ ስም ወይም አጻጻፍ» የሚል ቦታ ካለ `Yohanis` ብሎ ይሞላዋል። ይህን ቦታ ባዶ መተው ይቀናናል፣ ጉዳዩ የተዘጋ ስለሚመስለን። አሮጌው አጻጻፍ ግን በመንግሥት መዝገብ ውስጥ አለ፤ ፍለጋ ሲደረግ ይወጣል። እርስዎ ያሳወቁት ልዩነት ማብራሪያ ነው። እነሱ ያገኙት ልዩነት ጥያቄ ነው።

ችግሩ ያለው የልደት ወረቀቱ ላይ ቢሆንስ ኖሮ? ያኔ መንገዱ ይረዝማል። የልደት መዝገብ መሠረት ስለሆነ ሌሎቹን ወደ ስህተቱ ማስማማት አያዋጣም። የጸሐፊ ስህተት ከሆነ መዝጋቢው ራሱ የሚያርምበት ሥርዓት በብዙ አገር አለ። ቀን ወይም የወላጅ ስም ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቃል።

ስድስተኛ፦ የወረቀቱ አካል ራሱ

ይዘቱ ትክክል ሆኖ ወረቀቱ ራሱ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ኦርጅናል ወይም ሕጋዊ ግልባጭ ይጠየቃል፤ ፎቶ ኮፒ ለብቻው አይበቃም። እንዳይበላሽ ተብሎ ላሚኔት የተደረገ የልደት ወረቀት ብዙ ቦታ ያስቸግራል፣ ማኅተሙንና ወረቀቱን በእጅ መመርመር ስለማይቻል። በአንዳንድ አገር የልደት ወረቀት አጭርና ረጅም ሆኖ ይወጣል፤ አጭሩ የወላጅ ስም ከሌለበት ረጅሙን ይጠየቃሉ። ትርጉም ካስፈለገ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ይሥራው። ስምዎ በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጻፍም አስቀድመው ይንገሩት፤ አለበለዚያ አራተኛ አጻጻፍ ይፈጥርልዎታል።

ወረቀቱ ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ አፖስቲል ይጠየቅ እንደሆነ ያጣሩ። አፖስቲል በ1961 በሄግ በተፈረመው ስምምነት የመጣ የማረጋገጫ ወረቀት ነው። የሚያረጋግጠው ፊርማውንና ማኅተሙን ብቻ ነው፤ ይዘቱ እውነት ነው አይልም። ወረቀቱን የሰጠው አገር ነው የሚያወጣው። ወረቀቱን ከሰጠው ወይም ከሚቀበለው አገር አንዱ ስምምነቱ ውስጥ ከሌለ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኤምባሲ በኩል የሚሄደው ረጅሙ ማረጋገጫ ይቀራል።

ወረቀቶቹን እንጨርስልሃለን የሚሉ ደላሎች ሁልጊዜ በሩ ላይ አሉ። ቅጽ ሞልተው ቀጠሮ ቢይዙልዎ የራስዎ ምርጫ ነው። ኦርጅናል የልደት ወረቀት ግን አይስጧቸው፤ «የጎደለ ነገር እናሟላለን» ካሉ ደግሞ ይሽሹ። አንድ የተጭበረበረ ወረቀት ከተገኘ ትክክለኞቹም አብረው ይጠረጠራሉ።

ሰባተኛ፦ ፎቶ፣ አሻራ፣ ፊርማ

ፎቶው በብዙ አገር 35 በ45 ሚሊ ሜትር ነው። አሜሪካ ሁለት ኢንች በሁለት ኢንች ትጠይቃለች። ጀርባው ነጭ ወይም ፈዛዛ፣ ፊት ለፊት የዞረ፣ አፍ የተዘጋ፣ ዓይን የተከፈተ። ፎቶ የሚመለስበት ዋና ምክንያት ጥላ ነው፣ ጀርባው ላይ ወይም ግማሽ ፊት ላይ የወደቀ። ሁለተኛው ፊትን የሚያለሰልሰው የስልክ ፊልተር ነው። ፎቶ ቤቱ ጠባሳ ወይም ማድያት ካጠፋልዎ አሳምሮ አይደለም፣ አበላሽቶ ነው። መነጽር ያውልቁ፤ ብዙ አገሮች ጭራሽ አይፈቅዱትም። ለሃይማኖት የሚደረግ መሸፈኛ ብዙ ቦታ ይፈቀዳል፣ ፊት ከአገጭ እስከ ግንባር ከታየ።

አሻራ ላይ የሚቸገሩት በእጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሲሚንቶ፣ ኬሚካልና የዕለት ተዕለት የሳሙና ሥራ የጣት መስመሩን ይበላዋል። ከቀጠሮው በፊት ለጥቂት ቀን እጅዎን ከዚህ ማሳረፍ ከቻሉ ጥሩ ነው፤ ማታ ማታ ቅባት ይቀቡ፣ የቀጠሮው ቀን ጠዋት ግን አይቀቡ። ጣትዎ ከተቆረጠ ወይም ከተቃጠለ አስቀድመው ይናገሩ።

ፊርማዎ ከሳጥኑ አይውጣ። አንዳንድ አገር ቅጹ ኃላፊው ፊት ብቻ ነው የሚፈረመው። የአሜሪካው የመጀመሪያ ማመልከቻ እንዲህ ነው፤ ቤት የፈረመ ሰው አዲስ ቅጽ ይሞላል።

ስምንተኛ፦ ቃለ መጠይቅ እና ዋቢ ሰው

የመጀመሪያ ፓስፖርት ለሚጠይቅ አዋቂ አንዳንድ አገር ቃለ መጠይቅ ያደርጋል። ፈተና አይደለም። የሚጠየቁት ስለ ራስዎ ነው፦ የት የት ኖሩ፣ የእናትዎ የትውልድ ቦታ የት ነው፣ ወንድም እህት አለዎት ወይ። ትክክለኛው ባለቤት ሳያስብ የሚመልሰው፣ የሌላ ሰው ማንነት የያዘ ግን የሚደናገርበት ነገር ነው። ስለዚህ ሸምድደው አይሂዱ። የማያስታውሱትን «አላስታውስም» ይበሉ። የአድራሻዎችዎን ቅደም ተከተልና በቅጹ ላይ የሞሉትን ብቻ በዋዜማው አንድ ጊዜ ያንብቡት።

ፎቶዎን የሚያረጋግጥ ዋቢ ሰው በሚጠየቅበት አገር፣ እንደ ብሪታንያና ካናዳ፣ ሰውየው ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚያውቅዎ መሆን አለበት። የብሪታንያው ደንብ ዘመድ ወይም አብሮ የሚኖር ሰውን አይቀበልም። መርማሪው ሊደውልለት ይችላል። ስልኩን የማያነሳ ዋቢ ፋይልዎን ያስተኛዋል። እንደሚደወልለት ይንገሩት።

ካስገቡ በኋላ

ደረሰኙን ወይም የማመልከቻ ቁጥሩን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው መዘግየት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የወረፋ ነው፤ የሁሉም ሰው ይዘገያል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። ሌላው የእርስዎ ፋይል ብቻ የቆመበት ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ከእርስዎ በኋላ ያስገቡ ሰዎች ከወሰዱና የእርስዎ ሁኔታ «በማጣራት ላይ» ከሚለው ካልተነሳ፣ የሚጠብቁት ወረፋ አይደለም። ያኔ ሄደው «መቼ ያልቃል?» ብለው አይጠይቁ። «የጎደለ ወይም የተጋጨ ሰነድ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ይጠብቁ» የሚል መልስ ብቻ ነው ያለው።

ተጨማሪ ሰነድ የሚጠይቅ ደብዳቤ ወይም መልእክት ከመጣ ቀነ ገደብ አለው። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል። የተጠየቀውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመልሱ። ግማሹን ልከው ግማሹን በኋላ ካሉ፣ ፋይሉ ግማሹ በደረሰ ጊዜ ተነስቶ ይታያል፣ ጎደሎ ነው ተብሎም ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል።

ሲሰለቹ ሁለተኛ ማመልከቻ አያስገቡ። አንድ ፊትና አንድ አሻራ በሁለት ፋይል ሲገኝ ሁለቱም ይቆማሉ። የመዘግየት ሳይሆን የመጭበርበር ጥያቄ ነው የሚነሳው። ስልክ ቁጥር ከቀየሩ ግን ያሳውቁ፤ መልእክት ወደ ጠፋ ቁጥር እየተላከ የከረመ ፋይል ብዙ ነው። ፓስፖርቱ እጅዎ ሳይገባም የማይመለስ ቲኬት አይቁረጡ።

ሲረከቡ

መስኮቱ ጋ ቆመው ይክፈቱት። ስሙን ፊደል በፊደል፣ የልደት ቀኑን፣ ጾታውን፣ የትውልድ ቦታውን ያንብቡ። ከዚያ ወደ ግርጌው ይውረዱ። በመጀመሪያው የማሽን መስመር ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ስም ወይም የቤተሰብ ስም ነው፣ ከሁለቱ `<<` በኋላ የሚመጣው የራስዎ ስም። በሁለተኛው መስመር ደግሞ የልደት ቀን በዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል ስድስት አሃዝ ሆኖ ይገኛል። በላይኛው ናሙና `740812` የሚለው ኦገስት 12 ቀን 1974 ነው። ከላይ በጽሑፍ ካለው ጋር ካልተስማማ እዚያው ይመልሱት። የእነሱ የኅትመት ስህተት ከሆነ ብዙ ቦታ ያለ ክፍያ ይታረማል። እርስዎ ቅጹ ላይ የሞሉት ስህተት ከሆነ ግን አዲስ ማመልከቻና አዲስ ክፍያ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው የቅጹን ኮፒ መያዝ የሚያስፈልገው። ሁለቱን ሳያስተያዩ ከመስኮቱ አይሂዱ፣ ቪዛም አያስመቱበት።